ሳይታረቅ የቆየው ልዩነት

በክር ፋብሪካው ሂሳብ ክፍል በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። «ልኬ» ነበር የሚሏት። በወር መጨረሻ የግራና የቀኙ ድምር እኩል ሲመጣላት ጠረጴዛውን በእርሳሷ ጫፍ መታ ታደርግና «ልክ!» ትላለች። ሌላው ቦርሳውን የሚያነሣው ይህን ከሰማ በኋላ ነው። ገንዘብ ያዡ፣ «ልኬ ልክ ካላለች ፀሐይም አትገባም» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም፣ «አንተ ካዝናህን ሳትቆልፍ ስለምትሄድ ነው ፀሐይ የምትጠብቅህ» ትለዋለች። ሁሉም ይስቃል። ደግ ጊዜ ነበር፤ ደግ ጊዜ መሆኑን ግን ያኔ ማንም አላወቀም።

ቤቷም ቅጽል ስሙን ወስዶት ነበር። ባሏ የቋንቋ መምህር ነበር፤ እሱም ልኬ ነው የሚላት። ቁጥር የእሷ፣ ፊደል የእሱ ተብሎ ሥራ ተከፋፍለው ነበር የሚኖሩት። የመብራት ክፍያ ቢሳሳት የምትሟገተው እሷ ናት። ለቤት አከራይም ሆነ ለቀበሌ የሚላክ ማመልከቻ ሲኖር ግን እሷ ትጽፍና እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያነበዋል። «እዚህ ጋ ምን ለማለት ነው?» ይላታል። «የጻፍኩትን ለማለት ነው» ትለዋለች። «እሱማ የጻፍሽው ነው። የሚያነበው ግን አንቺ አይደለሽም» ይልና አንዲት ቃል ይቀይራል።

ከዚያ ታመመ። ሕመሙ ረጅም ነበር። ልኬ እሱን ለማስታመም ሥራዋን ለቀቀች። ሲሻለው ትመለሻለሽ ብለዋት ነበር፤ እሱ ሳይሻለው ፋብሪካው በሩን ዘጋ፤ ፋብሪካው በተዘጋ በዓመቱ እሱም ሄደ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

አሁን የቀራት የተከራየችው ቤትና የሂሳብ ሙያዋ ነው። ማመልከቻ ያላስገባችበት ድርጅት የለም ማለት ይቻላል። የሚቀጠሩት ግን ከትምህርት ቤት ትናንት የወጡት ናቸው። በሌላ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ በየሳምንቱ ይደውላል። ጨዋ ሰው ነው፤ ነገር ሲናገር ግን ዕቃ እንደሚጭን ሰው ነው።

«ይህ ወር እስኪያልቅ ሥራ ካገኘሽ እሰየው» አላት በመጨረሻው ጥሪ። «ካላገኘሽ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ከጓዳው አጠገብ ያለችውን ክፍል አስለቅቄልሻለሁ።»

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ ልጅ አይደለሁም።»

«ማን ልጅ ነሽ አለሽ? ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ ነው ያልኩት።»

የወንድሟ ሚስት ክፉ ሴት አይደለችም። ነገር ግን በሰው ጓዳ አጠገብ የሚኖር ሰው ድስት ሲከደን ከሩቅ ይሰማዋል፤ ከፍቶ የማየት መብት ግን የለውም። ልኬ ይህን ታውቃለች። ልጅ ሳለች እነሱ ቤት ተጠግታ የኖረች አክስት ነበረቻቸው። አክስቲቱ ውሃ ስትጠጣ እንኳ አስፈቅዳ ነበር።

እንዲህ ሆና ሳለ ነው የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋዩ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ የጠራት።

ድርጅቱ ከታች መጋዘን፣ ከላይ ቢሮ ነው። ደረጃውን ስትወጣ የቀለምና የሲሚንቶ ሽታ አብሯት ወጣ። ያነጋገሯት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሥራ አስኪያጁ ነው። ድርጅቱ የአባቱ ነበር፤ አሁን የእሱና የታናሽ ወንድሙ ነው። ሁለተኛዋ የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ ናት፤ ዕድሜዋ ከልኬ ጋር የሚቀራረብ፣ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትረሳ ሴት።

«ጠንካራ ጎንዎ ምንድን ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የማመልከቻ ወረቀቷን እያገላበጠ።

ልኬ ሌሊቱን ያዘጋጀችው መልስ ነበራት። አፏ ላይ ግን ደረቀ። «ትዕግሥት አለኝ» ብቻ አለች። «ሂሳቡ ሳይገጥም አልነሣም።»

«መልካም» ሲል ስልኩ ጮኸ። ማን እንደደወለ አየ፤ ፊቱ ተቀየረ። ይቅርታ ሳይል ተነሥቶ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋው። በበሩ በኩል ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ አይሰማም።

ኃላፊዋ ወደ በሩ አየት አድርጋ ወንበሯን አስጠጋች። «እንግዲህ እሱ እስኪመለስ የእኛን ቋንቋ እናውራ» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በመዝገባችንና በባንኩ መግለጫ መካከል ለወራት ያልታረቀ ልዩነት አለን። ከእርስዎ በፊት የነበረው ልጅ ሲሸከመው ከርሞ፣ ሸክሙን እኔ ላይ አራግፎ ሄደ። እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምራሉ?»

ልኬ በዚያን ጊዜ ትንፋሿ ተመለሰ። ይህ የእሷ አገር ነው። ስለ ቼኮች ጀመረች፤ ተጽፈው ወጥተው ባለቤቶቻቸው ገና ባንክ ያላቀረቧቸው አሉ። ከዚያ ባንኩ በራሱ ቆርጦ የወሰደው የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ደንበኛ ለድርጅቱ ሳይናገር ባንክ ያስገባው ገቢም አለ። ኃላፊዋ ጸጉሯ ውስጥ ያለውን እርሳስ መዝዛ መጻፍ ጀመረች። ልኬ ወደ ዋናው ነገር ልትገባ ስትል በሩ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ እንደ ጨው የነጣ ሆኖ ገባ።

«ይበቃል» አለ። «ሌላ ቀጠሮ አለኝ። እናሳውቅዎታለን።»

ሳይባል የቀረው ዋናው ነገር ይሄ ነበር፦ ወደ ኋላ ተመልሶ መዝገቡና የባንኩ መግለጫ ለመጨረሻ ጊዜ የገጠሙበትን ቀን መፈለግ፣ ከዚያም ወደ ፊት መምጣት። ማንም ተማሪ ቼክ ያውቃል። ከየት እንደሚጀመር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ልኬ ይህን ደረጃው ላይ አስታወሰች፤ አውቶቡስ ውስጥም ለራሷ ደጋግማ መለሰችው። መልስ ግን ጠያቂ በሌለበት ምን ይረባል?

በማግሥቱ ልኬ ጎረቤቷ ወዳለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባች። የሱቁ ባለቤት ወጣት ሴት ናት፤ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ትጽፋለች፣ ለሰው ሁሉ ማመልከቻ ትልካለች። ሥራ ፈላጊው ሁሉ በእጇ ስለሚያልፍ ቀጣሪዎችን ሳታያቸው ታውቃቸዋለች።

«እትዬ ልኬ፣ የምስጋና ኢሜይል ላክሽ?» አለቻት።

«የምን ምስጋና? መቼ ሰጡኝና!»

«ስላነጋገሩሽ ነዋ።»

«ሳይሰጡኝ አመስግኜ፣ ከሰጡኝ ምን ልል ነው?»

«አይ እትዬ! አሁን እንዲህ ነው የሚሠራው። ከቃለ መጠይቁ በማግሥቱ አመስግነሽ ትጽፊያለሽ። እግረ መንገድሽን አንድ ጥንካሬሽን ታስታውሻቸዋለሽ፤ እዚያ ሳይቋጭ የቀረ ነገር ካለ እሱን ትቋጫለሽ። አለቀ። ሦስተኛ ነገር ከጨመርሽ አያነቡትም።»

«ታዲያ ይሄ ደጅ ጥናት አይደል እንዴ?»

«ነው! ግን ቁጭ ብለሽ የምታጠኚው ደጅ ነው። ጫማ አይጨርስም።»

ልኬ ሳቀች፤ ከሳቀችም ቆይታ ነበር። ሳይቋጭ የቀረ የሚለው ቃል ገብቶባታል። ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ በወረቀት ጻፈችው፤ «በመዝገባችሁና በባንኩ መግለጫ መካከል ያለው ልዩነት» ብላ። አንብባ ስትጨርስ ቆም አለች። ኢሜይሉ የሚሄደው ማስታወቂያው ላይ ወዳለው አድራሻ ነው፤ ማን እንደሚከፍተው አታውቅም። የድርጅቱ መዝገብ ከባንክ ጋር አልገጥም ማለቱ የቤት ገመና ነው። እሷን አምነው በር ዘግተው የነገሯትን በእንዲህ ያለ መንገድ መላክ የሂሳብ ሰው ሥራ አይደለም። ኃላፊዋ ይገባታል፤ ለሌላው ዐይን መግለጥ ግን ነውር ነው። ባንክ የሚለውን ሰረዘች። መዝገብ የሚለውንም ሰረዘች።

ተጽፎ ያለቀው ይህ ነበር፦

«ጉዳዩ፦ ስለ ሂሳብ ሠራተኛ ቃለ መጠይቅ ምስጋና

የተከበራችሁ ሥራ አስኪያጅና የሂሳብ ክፍል ኃላፊ፣

ትናንት ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስላነጋገራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሥራው በዝርዝር መስማቴ ፍላጎቴን ይበልጥ ጨምሮታል።

ጠንካራ ጎኔን ስትጠይቁኝ በአጭሩ የመለስኩትን ላጠናክር። በሠራሁባቸው ዓመታት ዋናው ሥራዬ ማስታረቅ ነበር። ሌሎች ተስፋ የቆረጡበትን የቆየ ልዩነት በትዕግሥት ተቀምጬ ከመጨረሻው ማድረስ ይሆንልኛል።

በእናንተ ዘንድ ለወራት ሳይታረቅ ስለ ቆየው ልዩነት ስንነጋገር ጊዜ አጥሮኝ ያልጨረስኩት አንድ ሐሳብ ነበር። መነሻው ሁለቱ ወገኖች ለመጨረሻ ጊዜ የተስማሙበትን ቀን ማግኘት ነው። ከዚያ ወዲህ አንደኛው እያወቀው ሌላው ያልሰማውን ነገር አንድ በአንድ መለየት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ አይገኝም። ከፈቀዳችሁልኝ መጥቼ በዝርዝር ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር»

«እትዬ፣ እንዴት ያምራል!» አለች ባለሱቋ። «እንደ ሽማግሌ ነው የጻፍሽው።»

ልኬ ሙገሳ መሰላት። ሙገሳም ነበር። ባለሱቋ ጣቷን አነሣች፤ ተላከ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም።

በሁለተኛው ቀን ከድርጅቱ ተደወለ። የጸሐፊ ድምፅ ነው። «ሥራ አስኪያጁ ነገ ጠዋት ሊያነጋግርዎት ይፈልጋል።»

«ለ… ለምን እንደ ሆነ ነግሮዎታል?»

«ኢሜይልዎን አንብቦ ነው። ራሱ ነው ጥሪያት ያለኝ።»

ባለሱቋ ይህን ስትሰማ ያነሣችውን ወረቀት ሁሉ ጥላ እቅፍ አደረገቻት። «አላልኩሽም? አላልኩሽም? በመጀመሪያው ደመወዝሽ ለሱቄ ወንበር ትገዢያለሽ፤ ይሄ እግሩ ተሰብሯል።»

ልኬ ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ ያላደረገችውን አደረገች፤ ወደ ፊት አሰበች። ጠዋት የትኛውን አውቶቡስ እንደምትይዝ፣ ምሳዋን በምን እንደምትቋጥር፣ ለወንድሟ ምን ብላ እንደምትነግረው አሰበች። «ክፍሏን ለዕቃ አድርጋት» ልትለው ነበር። ቀሚሷን ስትተኩስ እንጉርጉሮ ቢጤ ከአፏ ወጣ፤ ሰምታው ደንግጣ ዝም አለች።

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትገባ ኃላፊዋም ተጠርታ ቆማለች፤ ለምን እንደ ተጠራች እሷም የምታውቅ አትመስልም። እሱ ተቀምጧል። ተቀመጪ አላለም። ጠረጴዛው ላይ ኢሜይሉ ታትሞ ተዘርግቷል። ከግርጌው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ማነው የላከሽ?» አለ።

እርስዎ ይላት የነበረው ሰው አንቺ ማለቱን ጆሮዋ ቀድሞ ያዘ። «አቤት?»

«አቤት አትበይኝ። ማነው የላከሽ? ታናሼ ነው? ወይስ አክስቶቼ ናቸው?»

«ጌታዬ፣ እኔ ማንንም—»

«‹ዋናው ሥራዬ ማስታረቅ ነበር።›» እያነበበ ነው። «‹በእናንተ ዘንድ ለወራት ሳይታረቅ የቆየው ልዩነት።› ሂሳብ ልትሠሪ መጥተሽ በእኔና በወንድሜ መካከል ሽማግሌ ልትሆኚ ያሰኘሽ ማነው? ‹ሁለቱ ወገኖች ለመጨረሻ ጊዜ የተስማሙበት ቀን!› አባታችን የሞተ ቀን ነው! ይኸው ነገርኩሽ! ሌላስ?»

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ—» አለች ኃላፊዋ።

«ቆይ አንቺ! ‹አንደኛው እያወቀው ሌላው ያልሰማው ነገር።›» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በእጁ መታው። «መጋዘኑን ለመሸጥ መዋዋሌን ማን ነገረሽ? እኔና ገዢው ብቻ ነን የምናውቀው! ወንድሜ አልሰማም። ማን ነገረሽ?»

ከታች መጋዘን ውስጥ አንድ ሰው ብረት ሲጥል ተሰማ። ሦስቱም ያንን አዳመጡ።

ልኬ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። የጻፈችውን እያንዳንዱን ቃል በእሱ ዐይን አየችው፤ ሁሉም ልክ ነው፤ ሁሉም ሌላ ነው። ማስታረቅ፣ ልዩነት፣ ወገን። መምህሩ ቢኖር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «የሚያነበው አንቺ አይደለሽም» ብሎ አንዲት ቃል ያስገባ ነበር። አንዲት ቃል።

ኃላፊዋ ናት የተናገረችው፤ ወለሉን እያየች። «ጌታዬ፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ነው። መዝገባችን ከባንኩ መግለጫ ጋር አልገጥም ብሏል። ስልክ ሊያነጋግሩ ሲወጡ እኔ ነኝ የጠየቅኋት። ሁለቱ ወገኖች ያለችው እኛንና ባንኩን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን እንደ ገና አነሣ። ከላይ ጀምሮ አነበበው፤ አሁን ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ሲጨርስ ጉዳዩ ወደሚለው ተመልሶ ቆመ። አንገቱ ቀስ እያለ ሲቀላ ልኬ አየች፤ ከአንገቱ ወደ ጆሮው ወጣ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ ይህኛው ጅራፍ ግን መጮኹን ጨርሶ የሚገባበት ጠፋው።

«ገባኝ» አለ በመጨረሻ። ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ወደ መስኮቱ ዞረ። «ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለመጡ እናመሰግናለን። እናሳውቅዎታለን።»

እርስዎ ተመልሶ መጣ። ልኬን ከቁጣው ሁሉ ይበልጥ ያስፈራት እሱ ነው።

ኃላፊዋ ደረጃው ላይ ተከትላ ደረሰችባት። እጇን ይዛ ግድግዳው ጥግ አስጠጋቻት፤ ትንፋሿ ያቆራርጣል።

«እህቴ፣ ምነው ባንክ የምትል አንዲት ቃል ብትጽፊ!»

«ገመናችሁን ላለማውጣት ብዬ ነው።»

ኃላፊዋ ዐይኗን ጨፈነች። «የቅጥር ደብዳቤሽን ጽፌ ጨርሼ ነበር» አለች። «ፊርማው ብቻ ነው የቀረው። ከተጠሩት ሁሉ አንቺን ነበር የመረጥነው፤ እሱም እሺ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ አሁን ነገሩ ገባው አይደል? ስሕተት መሆኑን አየ።»

«ለዚህ እኮ ነው! ስሕተትሽ ቢሆን ይሻልሽ ነበር። አንቺ ብታጠፊ ይምርሽ ነበር። ያጠፋው እሱ ነው። በገዛ አፉ ነው የዘረገፈው። ከእንግዲህ ፊትሽን ባየ ቁጥር ምን የሚያይ ይመስልሻል?»

«አንቺስ ሰምተሽ የለም?»

«እኔ የቤት ዕቃ ነኝ። ከወንበሩ አይለየኝም።» ሳቅ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ለማንኛውም ዛሬውኑ ሌላ ጻፊለት። ባንክ የሚለውን ቃል አስገቢበት፤ የተፈጠረውን እንደ ረሳሽው አድርገሽ ጻፊው። እኔም አፌን ከፍቼ እለምነዋለሁ። ተስፋ የለውም ማለት አልፈልግም።»

አልፈልግም ነው ያለችው። ልኬ ልዩነቱን ሰምታለች።

ሱቁ ስትደርስ ባለሱቋ ፊቷን አይታ ስለ ወንበር ሳታነሣ ቀረች። ልኬ የሆነውን ነገረቻት፤ ሁሉንም ግን አይደለም። መጋዘን የሚለውን ዘለለችው። የሰው ገመና ነው፤ አሁንም ቢሆን የሰው ገመና ነው።

«ቀላል ነው» አለች ባለሱቋ። «ማስታረቅ የምትለዋን በሌላ ቃል እንቀይራት። ማስተካከል እንበል።»

«ሂሳብ አስተካክላለሁ ካልኩ እሰርቃለሁ ማለት ነው።»

«ማመሳከርስ?»

«ማመሳከር ማየት ብቻ ነው። እሱ የተማሪ ሥራ ነው። አይተሽ ካልገጠመ ምን ታደርጊያለሽ? ማስታረቅ ነው ስሙ። ከጥንት ጀምሮ ስሙ ይሄ ነው፤ ሌላ የለውም።»

«እሺ ባንክ እንጨምርበት። ‹የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ›። ከዚያ ደግሞ ስለ ዛሬው… ‹ዛሬ በቢሮዎ የተባለውን በተመለከተ—›»

«ተባለ ካልኩ ሰምቻለሁ ማለት ነው።»

«‹ምንም አልሰማሁም› በይው።»

«ምንም አልሰማሁም ብሎ የሚጽፍ የሰማ ሰው ብቻ ነው።»

ባለሱቋ እጆቿን ከፊደሎቹ ላይ አነሣች። አንድ ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ ገባ፤ አነሣችለት፤ ወጣ። ልኬ ስለ ዛሬው ትታ ምስጋናውን ብቻ ልትጽፍ ሞከረች፤ ዛሬ ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ የሚለውን ስታነበው ሹፈት መሰለባት። ሰረዘችው። ይቅርታ ስትል ደግሞ ይቅርታ የሚጠየቀው ለምን እንደ ሆነ መናገር ሊኖርባት ሆነ። እሱንም ሰረዘችው። በሕይወቷ አንድ ቁጥር ቢጠፋ የት እንደ ጠፋ ፈልጋ ያላገኘችበት ጊዜ አልነበረም። ይህኛው ግን የት እንደ ጠፋ ታውቃለች፤ አምጥቶ የሚመልሰው ሰው ነው የጠፋው።

«ይቅር» አለች።

«እትዬ…»

«ይቅር አልኩሽ እኮ።»

መልሱ ብዙም አልዘገየም። ባለሱቋ ናት ያየችው፤ ልትነግራት ቤቷ ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሁለት መስመር ነው። ለድርጅታችን ስላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን፤ የሥራ ቦታው በሌላ አመልካች ተይዟል ይላል። ከግርጌው የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ ስም አለ። እሷን ነው ያስጻፏት።

«ሌላ ይገኛል» አለች ባለሱቋ። «እትዬ፣ ሌላ ይገኛል።»

ልኬ ራሷን ነቀነቀች፤ ልጅቷ እንዳታዝን ብላ ነው። ልጅቷም ያመነች መስላ ሄደች።

ወንድሟ ጋ የደወለችው በዚያው ቀን ነው። ሁለት ጊዜ ጠርቶ አነሣው።

«ወንድም ጋሼ።»

«እመት። ምን ሆንሽ? ሥራው እንዴት ሆነ?»

«አልሆነም።»

«ለምን? ጠርተውኛል አላልሽም?»

«አልሆነም ብቻ።»

ወንድሟ ደግ ነው፤ ሲያዝን ግን ወደ ዕቃ ይሸሻል። «በቃ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ። «መኪናው ትንሽ ነው። ምን ምን አለሽ?»

«ቁም ሣጥን። ሁለት ወንበር። የሱ መጻሕፍት። አልጋ።»

«አልጋው የትኛው ነው? ያ ትልቁ?»

«እሱ ነው።»

ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር ትሰማዋለች። ሚስቱ ዝግ ብላ ነው የምትናገረው፤ ላለማስከፋት። ከዚያ የብረት ሜትር ሲመዘዝ ተሰማ፤ ከዚያ እርምጃ፤ ከዚያ ሲመለስ።

«አንቺ፣ ለካሁት» አለ። «በበሩ አይገባም። ቢገባም ክፍሏ ውስጥ በሩን አያስከፍትም። አንድ ሰው የምታስተኛ አልጋ እኛ ዘንድ አለች። ያንን እዚያው ለሚፈልግ ስጪው።»

ልኬ አልጋውን አየችው። በስተቀኝ፣ ባሏ ይተኛበት በነበረው በኩል፣ ፍራሹ እንደ ጎደጎደ ነው። አገላብጣው አታውቅም።

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ» አለች።

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁ። በሩ ጠባብ ነው።»